ሬቲኖልን በአዲስ አበባ ፀሐይ መጀመር

ሬቲኖል የቫይታሚን ኤ ዘር ነው። ማታ ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳ ውስጥ በሁለት እርምጃ ተለውጦ ሬቲኖይክ አሲድ ይሆናል፤ ሥራውን የሚሠራውም ይህ የመጨረሻው ነው። የላይኛው ቆዳ ቶሎ ቶሎ እንዲታደስ ያደርጋል፣ ቀዳዳዎች እንዳይደፈኑ ይረዳል፣ ከሥር ያለው ኮላጅን እንዲመረት ያነሳሳል። ለብጉር፣ ብጉር ጥሎት ለሚሄደው ጥቁር ምልክትና ለቀጫጭን መስመሮች የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ሬቲኖል የሚነገረው ምክር አብዛኛው የተዘጋጀው ለነጭ ቆዳና ለቀዝቃዛ አገር ነው። እዚያ ቆዳ ሲቆጣ ፊት ይቀላል፣ ትንሽ ይላጣል፣ በሳምንት ውስጥም ይረሳል። የእኛ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ሲቆጣ ግን ቀለም ያመርታል። የተቆጣው ቦታ ከዳነ በኋላ ጥቁር ምልክት ይቀራል፣ ምልክቱም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የብጉር ጠባሳ ለማጥፋት ብሎ ጠንካራ ሬቲኖል በየማታው የሚቀባ ሰው ከነበረው የባሰ ጥቁር ነጠብጣብ ይዞ ሊቀር ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚያተኩሩት በዚህ ላይ ነው፤ ቆዳው ሳይቆጣ ሬቲኖሉ እንዲሠራ ማድረግ።

ይህ በጥናትም የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪሞች ብጉርና ሌላ ቁስል የተወባቸው ጥቁር ምልክት ላለባቸው ጥቁር ሕሙማን ትሬቲኖይን የተባለውን የሬቲኖል ጠንካራ ዘመድ 0.1 ፐርሰንት ለ40 ሳምንታት ሰጥተው ነበር። ምልክቱ በግልጽ ፈካ። ሆኖም መድኃኒቱን ከተቀቡት መካከል ግማሾቹ ቆዳቸው ተቆጥቶ ነበር፤ ያውም በሐኪም ክትትል ሥር ሆነው። ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው፤ ቅባቱ ለጥቁር ቆዳ ይሠራል፣ ውጤቱ የሚለካው ግን በሳምንታት ሳይሆን በወራት ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመር የሌለበት ማን እንደሆነ ይለዩ

ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሬቲኖልን አትጀምር። የምትጠቀም ከሆነም እርግዝና እንዳወቀች ታቁም። ከቆዳ ወደ ደም የሚገባው መጠን ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በአፍ የሚወሰደው የዚህ ቤተሰብ መድኃኒት ጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ በመሆኑ ሐኪሞች በሚቀባውም ላይ ጥንቃቄን ይመርጣሉ። ሳታውቅ ተቀብታ የቆየች ሴት አትደንግጥ፤ አቁማ ለምትከታተላት ሐኪም ትንገር። የምታጠባ እናትም ከመጀመሯ በፊት ሐኪም ትጠይቅ።

ሁለተኛው ጉዳይ በከተማችን ሰፊ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ማንሳት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው ፊቱን የሚያቀላ ክሬም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ተቀብቷል። ከእነዚህ ክሬሞች ብዙዎቹ ውስጥ ስቴሮይድ አለ። ስቴሮይድ መጀመሪያ ላይ ብጉርንም ማሳከክንም ጸጥ ያደርጋል፣ ፊትን ያቀላል፣ ሰውም ይደሰታል። ውሎ አድሮ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ፊት ላይ ፀጉር ይበቅላል፣ ክሬሙ የተቋረጠ ለት ፊት ይነድዳል፣ በትናንሽ ብጉሮችም ይሸፈናል። በዚህ ቆዳ ላይ ሬቲኖል መጨመር የተከፈተ ቁስል ላይ መቀባት ያህል ነው።

የያዙትን ክሬም ጀርባ ያንብቡ። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን፣ ሃይድሮኮርቲሶን የሚሉት ሁሉ ስቴሮይዶች ናቸው፤ በስማቸው መጨረሻ ላይ ያለው “ሶን” ወይም “ሶል” ጥሩ ምልክት ነው። ሱቅ ውስጥ ተቀላቅሎ ያለ ጽሑፍ በፕላስቲክ ዕቃ የተሸጠልዎት ከሆነ ደግሞ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ አለበት ብለው ያስቡ። እንዲህ ዓይነቱን ክሬም ከአንድ ወር በላይ የተቀባ ሰው በአንድ ቀን አቋርጦ ወደ ሬቲኖል አይሂድ። መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይየው። ዘነበ ወርቅ የሚገኘው አለርት በቆዳ ሕክምና የታወቀ የቆየ ሆስፒታል ነው።

ችፌ ያለበት፣ ፊቱ አሁን የተላጠ ወይም የቆሰለ ሰውም ቆዳው እስኪድን ይጠብቅ።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ ሰንስክሪኑን ይግዙ

ሬቲኖሉን ከመግዛትዎ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት ሰንስክሪን መቀባት ይጀምሩ። ቅደም ተከተሉን የማጠብቅበት ምክንያት አለኝ። ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ ሰንስክሪን መቀባት ያልሆነለት ሰው ሬቲኖል ባይጀምር ይሻለዋል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር አንድ አሥረኛ ያህል ይጨምራል። በዚያ ላይ ከምድር ወገብ ዘጠኝ ዲግሪ ብቻ ነው የምንርቀው። ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ግን አይታወቀንም፤ ሙቀቱና ጨረሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ነፋሻ በሆነ የታኅሣሥ ቀን ሹራብ ለብሰው ሲሄዱም ፊትዎ ይቃጠላል። የክረምት ደመናም ቢሆን ጨረሩን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም።

መሣሪያ ሳይኖርዎት ጨረሩን ለመገመት ጥላዎን ይመልከቱ። ጥላዎ ከቁመትዎ ካጠረ ፀሐይዋ በርትታለች ማለት ነው። በእኛ ከተማ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ መከላከያ የሚያስፈልግበት ነው፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ያለው ነው። ከቢሮ ለምሳ የሚወጣው ሰው የሚሄደው በዚህ ሰዓት ነው።

ሲገዙ “ብሮድ ስፔክትረም” የሚል እና ኤስ.ፒ.ኤፍ 50፣ ቢያንስ ደግሞ 30 የሆነ ይምረጡ። ብሮድ ስፔክትረም የሚለው ቃል አስፈላጊ ነው፤ ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር በተጨማሪ ቀለም የሚያጠቁረውንና በታክሲ መስኮት መስታወት የሚያልፈውንም ይከላከላል ማለት ነው። ዚንክ ኦክሳይድ የበዛበት ጠይም ፊት ላይ አመድ የነካው ያስመስላል። ለዚህ መፍትሔው የቆዳ ቀለም የተጨመረበትን፣ “ቲንትድ” የሚባለውን መምረጥ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ የሚታየውንም ብርሃን ስለሚከለክል ማድያት ላለበት ሰው ከተራው ይሻላል።

መጠኑ ላይ አብዛኛው ሰው ይሳሳታል። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር የሚሠራው ወፍራም አድርጎ ለተቀባ ነው። ከሌባ ጣትና ከመሃል ጣት ሥር እስከ ጫፍ ድረስ ሁለት መስመር ያውጡ፤ ለፊት የሚበቃው ያ ነው። ለአንገትና ለጆሮ ተጨማሪ ያስፈልጋል። ከቤት ከመውጣትዎ ሩብ ሰዓት በፊት ይቀቡት። ደጅ የሚውሉ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ፣ ቢሮ የሚውሉ ከሆነ ደግሞ ለምሳ ከመውጣትዎ በፊት ይድገሙት። ጃንጥላ ወይም ሰፊ ባርኔጣ ከሁለተኛው ቅባት ጋር እኩል ዋጋ አለው፣ ገንዘብም ይቆጥባል።

ስለ ገንዘብ ካነሣን፣ በዚህ መጠን ለፊት ብቻ በቀን አንዴ ከተቀባ 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቱቦ ለስድስት ወይም ለሰባት ሳምንት ይበቃል። ቀትር ላይ ከተደገመ በሦስት ሳምንት ተኩል ገደማ ያልቃል። 30 ሚሊ ሊትር ሬቲኖል ግን በሳምንት ሦስት ማታ ከተቀባ ከግማሽ ዓመት በላይ ይቆያል። ስለዚህ በጀት ሲያወጡ ትልቁ ወጪ ሰንስክሪኑ ነው። ለአንዱ ብቻ የሚሆን ገንዘብ ካለዎት ሰንስክሪኑን ይግዙ፤ የብጉር ጥቁር ምልክት ፀሐይ ካልመታው በራሱም ቀስ እያለ ይፈካል።

ደረጃ 3፦ ጥንካሬ መምረጥ

ለጀማሪ ከ0.1 እስከ 0.3 ፐርሰንት በቂ ነው። ፊትዎ በሳሙና ሲታጠብ የሚወጠር፣ አዲስ ቅባት ሲነካው የሚያሳክክ ከሆነ 0.1 ይውሰዱ። ቅባታማና ብጉር የሚያበዛ፣ በቀላሉ የማይቆጣ ከሆነ 0.2 ወይም 0.3 ይቻላል። 0.5 እና 1 ፐርሰንት ለመነሻ አይሆኑም፣ ሻጩ ምንም ቢል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ ፊት ላይ በሚቀቡ መዋቢያዎች ውስጥ የሬቲኖል መጠን ከ0.3 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ወስኗል። ምክንያታቸው ሰው ከምግብም ከቅባትም የሚያገኘው አጠቃላይ ቫይታሚን ኤ እንዳይበዛ ነበር፤ ለጀማሪ ግን ያ ቁጥር ጥሩ ጣሪያ ነው።

ቁጥሮች ግን ያታልላሉ። ትሬቲኖይን 0.025 ፐርሰንት የሚል ቱቦ ከሬቲኖል 0.3 አሥራ ሁለት ጊዜ የሚያንስ ይመስላል። እውነታው ተቃራኒ ነው፤ ትሬቲኖይን ቆዳ ውስጥ መለወጥ የማያስፈልገው ራሱ ሬቲኖይክ አሲድ ስለሆነ እጅግ ይበረታል። እሱም፣ አዳፓሊንም መድኃኒቶች ናቸው፤ ለብጉር ሐኪም ሲያዝዛቸው ጥሩ ናቸው፣ በጓደኛ ምክር ግን አይጀመሩም። በሌላ በኩል “ሬቲኖል ኮምፕሌክስ 5 ፐርሰንት” የሚል ጽሑፍ ካዩ አምስት ፐርሰንት የተባለው ድብልቁ እንጂ ሬቲኖሉ አይደለም። ሬቲኒል ፓልሚቴት ብቻ ያለበት ደግሞ በጣም ደካማ ነው። ንጹሕ የሬቲኖል መጠኑን በቁጥር የማይናገር ዕቃ ለጀማሪ አይመችም፤ ምን ያህል እንደተቀቡ ስለማያውቁ ምን እንደቆጣዎትም አያውቁም።

ዕቃው ራሱም ይታያል። ሬቲኖል በብርሃን፣ በአየርና በሙቀት ይበላሻል። ብርሃን የማያሳልፍ ቱቦ ወይም በፓምፕ የሚወጣ ይምረጡ። አፉ ሰፊ የሆነ፣ በጣት እየተጨለፈ የሚወጣ ማሰሮ ይተዉ። ሱቁ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ ቀኑ ባያልፍም ኃይሉ አልቆ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሰው ያመጣልዎት ከሆነ ማኅተሙ ያልተነካ መሆኑን፣ የካርቶኑና የቱቦው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን ያስተያዩ። ከፍተው እየተጠቀሙበት ቀለሙ ወደ ቡናማ ከሄደ ወይም ሽታው ከተለወጠ ይጣሉት። ቤትም ሲያስቀምጡ ቁም ሳጥን ውስጥ እንጂ መስኮት ሥር አይሁን።

ደረጃ 4፦ በጥቂት ቦታ ይሞክሩ

ከጆሮ ሥር፣ መንጋጋው ጫፍ ላይ፣ የሳንቲም ስፋት ያህል ቦታ ይምረጡ። አንድ ማታ ይቀቡ፣ ሁለት ማታ ይዝለሉ፣ ደግመው ይቀቡ፤ ይህን ሦስት ጊዜ ያድርጉ። ትንሽ መድረቅ ችግር የለውም። ካበጠ፣ ውኃ ካቋጠረ ወይም ሌሊት ካሳከከ ያ ዕቃ ለእርስዎ አይደለም።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ማታ

ፊትዎን ሽታ በሌለው ለስላሳ ማጠቢያ ይታጠቡ። የልብስም ሆነ የገላ ሳሙና አይሁን፤ ቆዳውን አድርቆ ለሬቲኖሉ ቁጣ ያጋልጠዋል። በፎጣ ሳይፈትጉ ያድርቁና ሩብ ሰዓት ይጠብቁ። እርጥብ ቆዳ ሬቲኖልን በብዛት ስለሚያስገባ ቁጣውን ያብሰዋል።

ቀጥሎ ተራ ማርጠቢያ ክሬም በስሱ ይቀቡ። ከዚያ የአንድ አተር ፍሬ የሚያህል ሬቲኖል ያውጡ። ለመላው ፊት የሚበቃው ይኸው ነው። ግንባር፣ ሁለቱ ጉንጮችና አገጭ ላይ ነጥብ ነጥብ አድርገው ካስቀመጡ በኋላ ወደ ውጭ ያዳርሱት። የዐይን ቆብ፣ የአፍንጫ ክንፍ እጥፋትና የከንፈር ጥግ ላይ አይድረስ፤ ቅባት ተጠራቅሞ መጀመሪያ የሚቆስሉት እነዚህ ናቸው። ቀድመው ቫዝሊን ቢቀቧቸው ይጠበቃሉ። አሥር ደቂቃ ቆይተው ማርጠቢያውን በላዩ ይድገሙ። ሬቲኖሉ በሁለት ክሬም መካከል ሲሆን ቀስ ብሎ ስለሚገባ ለጀማሪ ይመቻል።

በሬቲኖል ማታ ሌላ ነገር አይጨምሩ። አሲድ ያለበት ማጽጃ፣ ፊት መፈተጊያ፣ ሎሚ፣ የእርድ ቅባት ሁሉም ይቅር። ሎሚ በተለይ አደገኛ ነው፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው በራሱ ጥቁር ቃጠሎ ይተዋል። ቅንድብ በክር የሚያስነሡ ወይም ፊት በሰም የሚያስነቅሉ ከሆነ ከአምስት ቀን በፊት ሬቲኖሉን ያቁሙ፤ አለዚያ ሰሙ ቆዳውን ይዞ ይነሣል።

ደረጃ 6፦ የሳምንታቱ መርሐ ግብር

በተግባር እንዴት እንደሚሄድ ለማሳየት አንዲት ሴት እናስብ። ዕድሜዋ 29 ነው፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፣ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ትሠራለች። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በእግሯ ትሄዳለች፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ትወጣለች። ጉንጮቿና አገጯ ላይ ብጉር የተወው ቡናማ ምልክት አለ፣ በወር አንዳንዴም አዲስ ብጉር ይወጣል። መስከረም አጋማሽ ላይ ሰንስክሪን ጀምራ መንጋጋዋ ላይ ሞክራለች። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ 0.2 ፐርሰንት ሬቲኖል ትጀምራለች። ከመጀመሯ በፊት ጠዋት መስኮት አጠገብ ያለ ፊልተር ፎቶ ትነሣለች፤ ወራት የሚፈጀውን ለውጥ ያለ ፎቶ መመዘን አይቻልም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሰኞና ሐሙስ ማታ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ማታዎች ማጠብና ማርጠቢያ ብቻ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቆዳዋ ትንሽ ይደርቃል፣ አገጯ ላይ ሦስት አራት ብጉር ይወጣል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ከሥር እየተዘጋጀ የነበረው ብጉር ቶሎ መውጣቱ ነው። ሳትነካካው ትቀጥላለች።

በአራተኛው ሳምንት ወደ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ትሸጋገራለች። ይሄኔ ጥቅምት ሊያልቅ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ አየሩ ይደርቃል። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ በክረምት እርጥበት የሚችሉትን መጠን ኅዳር ላይ ቆዳቸው አይሸከመውም። የእርሷም በስድስተኛው ሳምንት የአፏ ዙሪያ መላጥ ይጀምራል፤ ጠዋት ሰንስክሪን ስትቀባ ይለበልባታል። ሰንስክሪኑ አይደለም ችግሩ፤ ቆዳዋ መቆጣቱን የሚናገርበት መንገድ ነው። ሬቲኖሉን ታቆማለች፣ ለአምስት ቀን ያህል ማርጠቢያና ቫዝሊን ብቻ ትቀባለች። ውኃ ሲነካው መለብለቡ ካቆመ በኋላ ወደ ሁለት ማታ ትመለሳለች። ሦስት ማታን እንደገና የምትሞክረው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነው፣ አሁንም በክሬም መካከል አድርጋ። በዚህ ጊዜ ይይዝላታል።

ጥር ላይ ጥምቀት አለ። ከከተራ ጀምሮ ሙሉ ቀን ደጅ ስለምትውል ከሁለት ማታ በፊት ሬቲኖሉን ትተዋለች፣ ጃንጥላና ሰንስክሪን ትይዛለች፣ በየሁለት ሰዓቱም ትደግማለች። በዓሉ ሲያልፍ ትቀጥላለች። እንዲህ ዓይነት መዝለል ሥራውን አያበላሸውም።

በየማታው መድረስ ግዴታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ክንድ ላይ በተደረገ ጥናት 0.4 ፐርሰንት ሬቲኖል በሳምንት እስከ ሦስት ጊዜ ለ24 ሳምንት ተቀብቶ ቀጫጭን መስመሮችን ቀንሷል። በሳምንት ሦስት ማታ በሰላም የሚቀባ ሰው በየማታው እየቀባ እየቆሰለ ከሚያቋርጠው ብዙ ይቀድማል።

ደረጃ 7፦ መቆጣትን በጠይም ፊት ላይ መለየት

መጽሐፍት “ቀይ ይሆናል” ይላሉ። በጠይም ፊት ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል። በምትኩ የሚታየው ይህ ነው፤ ቦታው ከአካባቢው ጠቆር ይላል፣ ቅባት ሳይኖረው እንደ ላስቲክ ያብረቀርቃል፣ ሲስቁ ይወጠራል፣ ላብ ሲነካው ይለበልባል። ከእነዚህ አንዱን ሲያዩ ያቁሙ፤ እስኪላጥ አይጠብቁ። ቶሎ የቆመ ቁጣ ምልክት ሳይተው ሊያልፍ ይችላል።

የሚጠበቀውን ብጉርና ቁጣን የሚለየው ቦታውና ጊዜው ነው። ድሮም ብጉር የሚያወጣበት ቦታ ላይ ወጥቶ በስድስት ሳምንት ገደማ እየቀነሰ ከሄደ ይታገሡት። ብጉር አውጥቶ በማያውቅ ቦታ፣ ለምሳሌ በጉንጭ አጥንት ወይም በዐይን ዙሪያ፣ የሚያሳክክ ጥቃቅን ሽፍታ ከሆነ ግን ቁጣ ወይም አለርጂ ነው። ለሁለት ሳምንት አቁመው ካልተሻለ፣ ፊት ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ሐኪም ይየው። ይህን ለማስታገስ ብሎ ከፋርማሲ የስቴሮይድ ክሬም ገዝቶ መቀባት ወደ መጀመሪያው ደረጃ ችግር ይመልሳል።

ደረጃ 8፦ አራተኛው ወር ላይ መመዘን

ጥር መጨረሻ ላይ ወጣቷ በዚያው መስኮት አጠገብ፣ በዚያው ሰዓት ያንኑ ፎቶ ታነሣና ከመጀመሪያው ጋር ታስተያያለች። የቅርብ ጊዜ ምልክቶቿ ፈክተው፣ አዲስ ብጉር ቀንሶ፣ የቆዩት ግን ገና ሳይጠፉ ታገኛቸዋለች። ይህ ጥሩ ውጤት ነው፤ በዚያው 0.2 ትቀጥላለች። ጥንካሬ የሚጨመረው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ በየሁለት ማታው እየተቀቡ ለሁለት ወር ምንም ቁጣ ካልነበረ፣ ውጤቱ በፎቶ ላይ ቆሞ ከቀረ፣ ሰንስክሪኑም ያለማቋረጥ ከተቀባ። ከ0.2 ወደ 0.3 ወይም ወደ 0.5 ሲያልፉ ደግሞ እንደ አዲስ በሳምንት ሁለት ማታ ይጀምሩ፤ የኅዳርንና የታኅሣሥን ደረቅ አየርም ለዚህ አይምረጡ።

በአራት ወር ምንም ለውጥ ካልታየ ጥንካሬ ከመጨመርዎ በፊት ምልክቱ ምን እንደሆነ ያጣሩ። ግንባርና ሁለቱን ጉንጮች እኩል በካርታ መልክ የሸፈነ፣ ከእርግዝና ወይም ከወሊድ መቆጣጠሪያ በኋላ የመጣ ጥቁረት የብጉር ጠባሳ ሳይሆን ማድያት ነው። ማድያት በሬቲኖል ብቻ አይለቅም፣ ጠንካራ ሬቲኖል ደግሞ ሊያብሰው ይችላል። ለእርሱ የብረት ኦክሳይድ ያለበት ሰንስክሪንና የቆዳ ሐኪም የሚያዝዘው ሕክምና ያስፈልጋል፤ ወደ ሐኪሙ ሲሄዱም እስካሁን የተቀቡትን ቱቦዎች ሁሉ፣ ባዶዎቹንም ጭምር፣ ይዘው ይሂዱ።